41 ወይስ 36 ኪሎዋት? ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ

ጀማሪ_መካኒካል፦ ቦሌ ላለ ሕንፃ የ4ኛ ፎቅ ቢሮ የማቀዝቀዣ ጭነት እያሰላሁ ነው። በጨረር ጊዜ ተከታታይ ዘዴ፣ ማለትም በአርቲኤስ፣ የሠራሁት ሠንጠረዥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 41 ኪሎዋት አወጣ። በሙቀት ሚዛን ዘዴ የሚያሰላው ፕሮግራም ግን 36 ይላል። በምዕራብ በኩል 90 ካሬ ሜትር መስታወት አለ። የተሳሳተው የቱ ነው? እባካችሁ ቶሎ!

መስኮት_ክፈቱ፦ አዲስ አበባ ላይ ማቀዝቀዣ? መስኮቱን ክፈቱት፤ ስሌቱም አብሮ ያልቃል።

የዱባዩ፦ እኛ ዘንድ ሁለቱ ዘዴዎች ይቀራረባሉ። ስህተቱ ሠንጠረዥህ ውስጥ ነው። የ24ቱን ሰዓት የጨረር ተባዢዎች ደምር፤ 1 ካልሆኑ እዚያው ነው።

ጀማሪ_መካኒካል፦ ደመርኳቸው፣ 1 ናቸው።

ውኃ_ልክ፦ መስታወቱ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? ፕሮግራሙስ ማሽኑን ማታ ያጠፋዋል?

ጀማሪ_መካኒካል፦ ነጠላ፣ 6 ሚሊሜትር። ማታማ ይጠፋል፤ ቢሮ አይደል?

ውኃ_ልክ፦ እንግዲያው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው ያሰላኸው። አርቲኤስ ክፍሉ 24 ሰዓት በአንድ ሙቀት ተይዞ እንደሚውልና እንደሚያድር ይቆጥራል። አንተ ግን ፕሮግራሙን ማታ አጥፍተኸዋል። መጀመሪያ ይህን አስተካክልና እንደገና አስላ።

የዱባዩ፦ ማታ ማጥፋት ጭነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም! ጠዋት ሲበራ ግድግዳው ሁሉ ግሎ ነው የሚጠብቅህ።

ውኃ_ልክ፦ ዱባይ ላይ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የሌሊቱ ብርድ ወለሉንና ግድግዳውን ያቀዘቅዛቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ፀሐይ ከፊሉን እነሱ ይውጡታል። ሌላው ነገር መስታወቱ ነው። ፀሐይ የመታችው ወለል ሙቀቱን ወደ መስታወቱም ይረጫል፤ ነጠላ መስታወት ደግሞ ከፊሉን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። አርቲኤስ ይህን መውጫ አያውቀውም፤ የገባው ጨረር ሁሉ ዘግይቶም ቢሆን የክፍሉ ጭነት ይሆንበታል። ማረጋገጥ ከፈለግህ የ24ቱን ሰዓት ጭነት በሁለቱም ደምር። በአርቲኤስ ከገባው ሙቀት ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት፤ በሙቀት ሚዛን የሚጎድለው በመስታወቱ የወጣው ነው።

ከፍታ2300፦ የአየሩን መጠን በ1.2 ኪሎግራም በሜትር ኩብ እንዳታሰላ። እዚህ ከፍታ ላይ ከ0.9 ብዙም አይበልጥም፤ የአየር ማራገቢያህ ያንሳል።

መስኮት_ክፈቱ፦ መስኮት ቢከፈት ማራገቢያውም አያስፈልግም ነበር።

ጀማሪ_መካኒካል፦ ማሽኑ ሌሊቱንም እንዲሠራ አድርጌ ፕሮግራሙን ደገምኩት፤ 38.5 ሆነ። የቀኑ ድምር በአርቲኤስ 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የገባውም ልክ ያው ነው። በሙቀት ሚዛን 372። ታዲያ ማሽን የምመርጠው በየቱ ነው?

የዱባዩ፦ በ41። በሙቀት የሚከሰስ እንጂ በብርድ የሚከሰስ መሐንዲስ አላየሁም።

ውኃ_ልክ፦ እኔ በ38.5 እመርጣለሁ። ማታ መጥፋቱን ተማምኖ 36 ላይ መቆም ያስፈራል፤ አንድ ቀን አምሽተው ሊሠሩ ይችላሉ። 41 ካልክ ደግሞ የሌለ ጭነት ላይ ነው የምትገዛው፤ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ይኖራል።

ከፍታ2300፦ የአየሩን ጉዳይ ግን አስተካከልከው?