የእርካታ ደረጃን በአማካይ ማጠቃለል ይቻላልን?

ለመመረቂያ ጽሑፌ የታካሚዎችን እርካታ ከ1 (በጣም አልረካሁም) እስከ 5 (በጣም ረክቻለሁ) ጠይቄ የሁለት ክፍሎችን አማካይ ሳወዳድር፣ አማካሪዬ የደረጃ መረጃ ስለሆነ አማካይ አይወጣለትም አሉኝ። በትንሽ ምሳሌ ሞከርኩት፦ አንዱ ክፍል 3፣ 3፣ 3፣ ሌላው 1፣ 2፣ 5 ቢሰጡ የመጀመሪያው በአማካይ ይበልጣል፤ ቅደም ተከተሉን ሳልነካ 5ን በ10 ብተካው ግን ሁለተኛው 4.33 ደርሶ ይቀድማል፤ መካከለኛው ዋጋ ግን እንደነበረ 3 እና 2 ነው። እዚህ ድረስ አሳምኖኛል።

የሌሎቹ የመረጃ ዓይነቶች ልዩነትም ገብቶኛል፦ የጋብቻ ሁኔታ ኮድ ስያሜ ብቻ ስለሆነ በየኮዱ ስንት ሰው እንዳለ መቁጠር እንጂ አማካይ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ የወረፋ ደቂቃ ግን እውነተኛ ዜሮ ስላለው «እጥፍ ጠበቀ» ማለት ይቻላል፤ በሴልሺየስ ሙቀት ደግሞ ልዩነቱ እኩል ቢሆንም 40 ዲግሪ የ20 እጥፍ አይደለም።

የቸገረኝ ይህ ነው፦ የአሥር እርካታ ጥያቄዎችን ነጥብ ብደምር፣ ድምሩ እኩል ልዩነት እንዳለው መለኪያ ተቆጥሮ አማካይ ሊወጣለት ይችላል? ወይስ አሁንም መካከለኛውን ዋጋ ብቻ ልጻፍ?