በብየዳ የተግባር ፈተና ደህንነት ሲጣስ ነጥብ ልቀንስ ወይስ ልጣለው?

ጥያቄ (የብየዳ አሰልጣኝ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰልጣኞቼን በተግባር እየፈተንኩ ነው። አንዱ ልጅ ባለ 6 ሚሊ ላሜራ በቲ ቅርፅ ገጥሞ በ3.2 ኤሌክትሮድ በየደ። ብየዳው ቆንጆ ነው። ብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት፣ ስላጉን፣ ሲያራግፍ ግን ማስኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ መነፅር ሳያደርግ በመዶሻ መታው። ቅፃችን ላይ ደህንነት ከ100 20 ነጥብ ይዟል። 5 ብቀንስበትም 84 አምጥቶ ያልፋል። ይሄ ከንክኖኛል። ደህንነትን የማለፊያ በር ላድርገው? ካደረግኩትስ በጥቃቅኑ ሁሉ ልጥል ነው?

የአውቶ መካኒክ አሰልጣኝ
ነጥቡን ከፍ አድርገው፣ ወንድሜ። 40 ይሁን። ያኔ ማንም አይዘናጋም።

የብየዳ መዛኝ
ማሳደጉ መልካም ነው፣ ግን በር አይሆንም። 40ውን ለ8 ጉዳዮች ብታካፍለው አንዱ 5 ነጥብ ነው። ልጁ ዓይኑን አጋልጦ ሌላውን ሁሉ ካሟላ 95 ያመጣል።

እኔ ሁለት ዝርዝር ነው የምይዘው። አንደኛው አጭር ነው፤ እዚያ ካለው አንዱ ከተጣሰ ፈተናው ይቆማል። መለያዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ድርጊት አሁኑኑ ዓይን፣ እጅ ወይም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል? ያለ መነፅር ስላግ መምታት እዚህ ይገባል። የተላጠ ኬብል ይዞ መጀመርም፣ ነዳጅ ወይም ቀለም አጠገብ መበየድም። የኤሌክትሮድ ቁራጭ መሬት ላይ መጣል ግን ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ነው፤ ነጥብ ይቀንሳል እንጂ አይጥልም።

ግራይንደር ላይ በጣም ጥብቅ ነኝ። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ያህል ትዞራለች። የ230 ሚሊ ዲስክ ላይ የተፃፈው ጣሪያ ደግሞ 6,600 ገደማ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ መከለያውን አውልቀው ትልቁን ዲስክ ትንሿ ላይ ይገጥማሉ። ዲስኩ ሲበተን የሚያስቆመው ነገር የለም። ስለዚህ ተፈታኙ ከማስነሳቱ በፊት የዲስኩን ቁጥርና የማሽኑን ቁጥር ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።

ዝርዝሩ ከፈተናው በፊት ይነበብላቸው። አደገኛ ነገር ካየህ ወዲያው «ቁም!» በለው፤ እስኪጨርስ አትጠብቅ። ስትመዘግብም «ደህንነት አልጠበቀም» ብለህ አትለፈው። «4 ሰዓት ከ20፣ መነፅር ሳያደርግ ስላግ መታ» ብለህ ፃፍ። ቅሬታ ሲመጣ የሚያድንህ እሱ ነው።

የልብስ ስፌት አሰልጣኝ
እኛ ጋ ደግሞ መርፌ ሲቀየር ነው ችግሩ። የድሮዎቹ የፋብሪካ ማሽኖች ሞተራቸው ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይሽከረከራል። ሰልጣኟ ማብሪያውን ስላጠፋች የቆመ ይመስላታል፤ እግሯ ፔዳሉን ከነካው መርፌው ይወርዳል። ስለዚህ በሩ «አጥፍታለች?» አይደለም። አጥፍታ፣ እጇን አርቃ፣ ፔዳሉን ረግጣ መቆሙን አይታለች ወይ ነው። ለእናንተ ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም።

የብየዳ መዛኝ
ይጠቅማል እህቴ፣ በጣም። ዓይን የሚያየው ድርጊት ሆኖ ነው የተፃፈው። «ጥንቃቄ ታደርጋለች» ቢባል ሁለት መዛኞች ሁለት ውጤት ይሰጣሉ።

በያጅ (የራሱ ወርክሾፕ ያለው)
ይቅርታ፣ ግን ልጁ መጀመሪያ መነፅር ተሰጥቶታል? እኔ በተማርኩበት ቦታ መነፅሩ ተጫጭሮ ማስኩ ሥር ምንም አያሳይም ነበር። ሁላችንም እናወልቀው ነበር።

ጠያቂው
ተሰጥቶታል። ግን እውነት ነው፣ የእኛዎቹም ተጫጭረዋል።

የብየዳ መዛኝ
እንግዲያው ፈተናው መጀመር አልነበረበትም። ዕቃው ካልተሟላ የወደቀው ወርክሾፑ ነው። ዝርዝሩም አስቀድሞ ስላልተነገረው በአዲስ ሕግ ወደ ኋላ ሄደህ ልትጥለው አትችልም። ጥሩ መነፅር ግዛ፣ አሰልጥነው፣ በሌላ ቀን እንደገና ይፈተን።

የአውቶ መካኒክ አሰልጣኝ
አልስማማም መምህር። ሥራ ላይም መነፅር ላይኖር ይችላል። «ሳይሟላ አልሠራም» ማለትም ብቃት ነው።

በያጅ
ሰልጣኝ ፈታኙን እንዴት ብሎ ነው እምቢ የሚለው?

ጠያቂው
ለልጁ እንደገና እንዲፈተን አድርጌያለሁ፤ አዲስ መነፅርም አዝዣለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሙሉውን ብየዳ ይድገም ወይስ ስላግ ማራገፉን ብቻ? ኤሌክትሮድ ውድ ነው።

የብየዳ መዛኝ
ሙሉውን። ስላግ ብቻ ምታ ካልከው መነፅሩን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። የሚረሳው ብየዳው አምሮለት ለማየት ሲቸኩል ነው።

በያጅ
ላሜራው እንኳ ቁርጥራጭ ይሁን። አጭር ብየዳ፣ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ስላጉን ያራግፍ። ያው ችኮላው አይቀርም።