በአንዲት «ቪል» ጎረቤቴን አስቀየምኩ

ጠያቂዋ፣ ፍራንክፈርት
ሰላም ናችሁ? ጀርመን ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ጎረቤቴ ቅዳሜ ልደቷ ላይ እንድገኝ በዋትሳፕ ጠራችኝ። ሥራ ስለምገባ «ኢሽ ቪል አም ዛምስታግ ኒሽት ኮመን» ብዬ ላክሁላት። አልመጣም ማለቴ ነው። «ኦኬ» ብላ ዝም። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቷ አይፈታም። ምን አጠፋሁ?

ከካሰል
እህቴ፣ ነገሩ «ቪል» ላይ ነው። የእንግሊዝኛው «ዊል» መስሎሽ ነው። እንግሊዝኛ ቀድመን የተማርን ሁሉ እዚያ ላይ ወድቀናል። በጀርመንኛ «ቪል» መፈለግ ነው። እሷ ያነበበችው «ቅዳሜ መምጣት አልፈልግም» የሚል ነው። ያውም ምስጋና የሌለው።

ከሽቱትጋርት
ምን ያስጨንቃል? ሌላ ጊዜ «አሞኛል» ማለት ነው። ወይ «ፊላይሽት»፣ ምናልባት ብሎ መተው።

ከካሰል
አሞኛል ብላ ከሥራ ስትመለስ መግቢያው ላይ ቢገጣጠሙስ? «ፊላይሽት»ማ ይብሳል። እኛ «እሞክራለሁ» ሲባል ይገባናል፤ ቢመጣም ባይመጣም እንጀራው አይጠፋም። እዚህ ብዙዎቹ ሥጋውንም ወንበሩንም በሰው ቁጥር ነው የሚያዘጋጁት። ቁርጡን በጊዜ ብትነግሪያቸው ይወዳሉ።

እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ፊለን ዳንክ ፊር ዲ አይንላዱንግ! ላይደር ካን ኢሽ አም ዛምስታግ ኒሽት ኮመን፣ ኢሽ ሙስ አርባይተን። ኢሽ ቪንሸ ኦይሽ አይነ ሾነ ፋየር!»

መጀመሪያ ስለ ግብዣው ምስጋና፣ ከዚያ ሥራ ስላለብኝ አልችልም፣ መጨረሻ ላይ መልካም ድግስ። «ላይደር» እንዳትቀር፤ «ያሳዝናል ግን» የምትለው እሷ ናት። ምክንያቱ አንድ ይበቃል። ሦስት ከደረደርሽ ሰበብ ይመስላል። አንቱ የምትባባሉ ከሆነ «ኦይሽ»ን በ«ኢነን» ቀይሪው።

እና አደራ፣ ከቀኑ በፊት «እንኳን ተወለድሽ» አይጻፍም። ብዙ ጀርመኖች ገድ የለሽ ነው ይላሉ። እኔ አንዴ ሐሙስ ላይ ለቅዳሜ ልኬ ሰውዬው ደንግጦ ደወለልኝ!

ከሪያድ
እዚህስ «ኢንሻአላህ» ብዬ ነው የምገላገለው። አንዷ ግን የምር መስሏት እስከ ሌሊት ጠበቀችኝ። እስካሁን አላናገረችኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ጠያቂዋ
እኔንጃ እህቴ፣ የእኔም አልተፈታ። ለጎረቤቴ «ሌላ ቀን ቡና እንጠጣ» ብዬ ልጻፍ?

ከካሰል
የምርሽን ከሆነ ብቻ። እዚህ «ሌላ ቀን» ካልሽ ካላንደር አውጥተው መቼ ይሉሻል። ይልቅ ቀን ቆርጠሽ ጻፊላት። የ«ቪል»ንም ስህተት ንገሪያት፣ ትስቃለች።

ጠያቂዋ
ጻፍኩላት! ስቃ መለሰች። ረቡዕ አራት ተኩል፣ በእነሱ አቆጣጠር። አሁን ጭንቀቴ ሌላ ነው፤ ቡናውን እቤት ስቆላ የጭስ ጠቋሚው አይጮህም?