የአያቴ ድምፅ ላይ የፍሪጅ ጩኸትና የክፍል ማስተጋባት ገባበት፤ ምን ላድርግ?

አያቴ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ በስልኬ ቀዳኋቸው። 40 ደቂቃ ነው። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፤ ምንጣፍም መጋረጃም የለውም። ስልኩን ከእሳቸው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከጀርባ ፍሪጅ ነበር። አሁን ስሰማው ከዳር እስከ ዳር "እምምም" ይላል፤ እሳቸውም ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። አገር ቤት ስለተመለሱ ደግሜ መቅዳት አልችልም።

Audacity ላይ ከፍቼ መጀመሪያ 50 ኸርዝን በNotch Filter ቆረጥኩ። ብዙም ለውጥ የለም። Plot Spectrum ላይ ሳይ ጎላ ያሉት ጫፎች 100፣ 200 እና 300 ላይ ናቸው። እነሱን ስቆርጥ ጩኸቱ በጣም ቀነሰ። የቀረውን ለማጥፋት ዝም ካሉበት 3 ሰከንድ ናሙና ወስጄ Noise Reduction በ24 ዴሲቤል ሞከርኩ። ድምፃቸው ውኃ ውስጥ የገባ መሰለ፤ "ስ" እና "ሽ" ተበሉ። ወደ 8 ሳወርደው ተመለሱ።

ማስተጋባቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግድግዳ ነክቶ የሚመለሰው የራሳቸው ድምፅ ነው፣ ዝም ካሉበት ናሙና ውስጥ የለም። Noise Gate ስሞክር ደግሞ የቃላት መጨረሻ ተቆረጠ። "ነበረ" ያሉት "ነበ" ሆኖ ቀረ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ፤ የሳቸው አነጋገር ለዛው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው።

የቃላቱን ጫፍ ሳልቆርጥ፣ ከኋላቸው የሚጎተተውን ማስተጋባት በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም እንዴት ላለዝበው?