የመውለጃዬ ቀን ጥቅምት 19 ነው ወይስ 25?

የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሲሆን የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጨረሻው የወር አበባዬ የመጀመሪያ ቀን ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑን በደንብ አስታውሳለሁ። በ40 ሳምንት፣ ማለትም በ280 ቀን ስሌት፣ ዘጠኝ ወርና ዐሥር ቀን ተጨምሮ በመካከል ያለው የጳጉሜን አምስት ቀን ሲቀነስ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል፤ የክትትል ካርዴም የሚለው ይህንኑ ነው። (አማቴ ጳጉሜንን ሳይቀንሱ ጥቅምት 24 ብለው ገንፎውን እያሰቡ ነው።)

ይህ ስሌት የወር አበባ በየ28 ቀኑ እንደሚመጣና ጽንሱም በ14ኛው ቀን አካባቢ እንደሚፈጠር የሚገምት ሲሆን፣ የእኔ ግን ሳይዛነፍ በየ35 ቀኑ ነው የሚመጣው። ሚያዝያ 8 ቀን፣ በካርዱ ልክ 12 ሳምንት በሞላኝ ዕለት፣ ደሴ በአልትራሳውንድ ስታይ የጽንሱ ርዝመት ከራሱ እስከ መቀመጫው ተለክቶ 11 ሳምንት ከ1 ቀን ሆነ፤ በዚህም መውለጃዬ ጥቅምት 25 ነው ተባልኩ። አዋላጇ ነርስ ግን ልዩነቱ ከሰባት ቀን ስለማይበልጥ የካርዱ ቀን አይቀየርም አሉኝ።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻው ነው፤ በካርዱ 41 ሳምንት የሚሞላኝና ምጥ በመድኃኒት ስለማስጀመር የሚነሣው ጥቅምት 26 ሲሆን፣ በአልትራሳውንዱ ግን ያን ዕለት ከ40 ሳምንት ያለፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የወር አበባ ዑደቷ 35 ቀን መሆኑ በሚታወቅ ሴት ላይም የሰባት ቀኑ መመዘኛ እንዳለ ይሠራል፣ ወይስ ቀኑ ወደ ጥቅምት 25 መስተካከል አለበት?