አይፎንን በግራ አውራ ጣት ብቻ ለመጠቀም ገጾቹን እንዴት ላደራጅ?

የልጅ እናት
ሕፃን ልጄን በቀኝ ክንዴ አቅፌ ስለምውል ስልኬን የምነካው በግራ አውራ ጣቴ ብቻ ነው። አይፎን 12 ነው፣ iOS 18 ተጭኖበታል። አምስት ገጽ ሙሉ መተግበሪያ አለኝ፤ ቴሌግራም፣ ቴሌብር፣ ካሜራና የማጥቢያ ሰዓት የምጽፍበት ማስታወሻ ሁሉም ከላይ ናቸው። ልድረስባቸው ስል ስልኩ ከእጄ ሊያመልጥ ይደርሳል። ምንም ሳይጠፋብኝ እንዴት ላስተካክለው?

ስልክ ጠጋኙ
እህቴ፣ መጀመሪያ ስልኩን እንደወትሮሽ ያዢና እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ አውራ ጣትሽ የት የት እንደሚደርስ እዪ። ገጹ በአግድም 4፣ በቁመት 6 መተግበሪያ ይይዛል፤ ከታች ደግሞ በሁሉም ገጽ ላይ የማይለወጠው ዶክ 4 ይጨምራል። ለአብዛኛው ሰው ያለ ችግር የሚደረስበት የታችኛው ሁለት ረድፍና ዶኩ ነው፤ በድምሩ 12 ቦታ። በየቀኑ የምትከፍቻቸውን ከ12 አታሳልፊ።

የላይኛውን አራት ረድፍ ለማየት እንጂ ለመንካት ለማያስፈልግ ነገር ተዪው። ትልቁ የቀን መቁጠሪያ ዊጅት ልክ 4 በ4 ስለሆነ ያንን ቦታ ይሞላዋል። ባዶ ቦታ ላይ ጣትሽን አቆዪ፤ ምስሎቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ከላይ Edit፣ ቀጥሎ Add Widget የሚለውን ንኪ። ገጹ ሞልቶ ከሆነ ዊጅቱ ትርፉን ወደሚቀጥለው ገጽ ይገፋዋል፤ አትደንግጪ። ከ iOS 18 ወዲህ መተግበሪያን በፈለጉት ቦታ አስቀምጦ ሌላውን ባዶ መተው ስለሚቻል፣ ዊጅት ካልወደድሽ ከላይ ምንም ባይኖርም ይሆናል።

የቀሩትን አራት ገጾች ደብቂያቸው። ምስሎቹ እየተንቀጠቀጡ ሳለ ከዶኩ በላይ ያሉትን ትንንሽ ነጥቦች ስትነኪ ገጾቹ ሁሉ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ከማትፈልጊው ገጽ በታች ያለውን ምልክት አንሺ። መተግበሪያዎቹ አይጠፉም፤ ከመጨረሻው ገጽ ቀጥሎ ባለው App Library ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ አንዱን መተግበሪያ ከገጽ ስታነሺ Remove from Home Screen በሚለው እንጂ Delete App በሚለው አይሁን። ሁለተኛው ከነመረጃው ሊያጠፋብሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ ልጁ ሲተኛ በሁለት እጅ ሥሪው። አንዱን ምስል በአንድ ጣት ይዘሽ ሌሎቹን በሌላ እጅ ጣት ብትነኪያቸው ተደራርበው አብረው ይጓዛሉ፤ አንድ በአንድ ከመጎተት ያድናል።

አዲሱ
እኔ ሃያ የሚሆኑ መተግበሪያዎችን በአንድ ፎልደር አድርጌ ዶኩ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም ከጣት አይርቅም። ባንኬንም የተደበቀ ገጽ ላይ ስላደረግሁት ስልኬን የሚያነሳ ሰው አያገኘውም።

ስልክ ጠጋኙ
ፎልደር ዶኩ ላይ መግባቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሲከፈት መሃል ስክሪን ላይ ስለሚወጣ ጣት ተመልሶ ወደ ላይ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ የሚያሳየውም 9 ብቻ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚፈለጉት ይሁን፤ ቴሌግራምና ካሜራ ብቻቸውን ውጭ ይቀመጡ።

የባንኩ ነገር ግን ያሳስበኛል። የተደበቀ ገጽ መቆለፊያ አይደለም፤ ማንም ስሙን ቢፈልግ ያገኘዋል። ምስሉን ተጭነህ Require Face ID የሚለውን ምረጥ። እዚያው ሙሉ በሙሉ የሚሰውርም አማራጭ አለ፣ ከዚያ በኋላ ግን የመተግበሪያው ማሳወቂያ አይመጣልህም።

መምህር
የእኔ ሳምሰንግ ነው። ምስሎቹን ላንቀሳቅስ ብል ንቅንቅ አይሉም። ገጽ መደበቅስ ይቻላል?

ስልክ ጠጋኙ
መምህር፣ Settings ውስጥ Home screen ገብተው Lock Home screen layout የሚለውን ያጥፉት፤ ያኔ ይንቀሳቀሳሉ። ገጽን ሙሉውን መደበቅ ግን የአይፎን አሠራር ነው። በእርስዎ ስልክ የማይፈልጓቸውን ከገጹ ቢያነሷቸው ወደ ላይ ሲጠርጉ ከሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ ያገኟቸዋል።

የልጅ እናት
ሠራሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስታወሻውን ዶኩ ላይ በግራ ጫፍ አደረግሁት፣ ነገር ግን ጣቴ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ያመኛል። ከሁሉ የሚቀርበው እሱ አልነበረም?

ሰብለ
ቅርብ መሆኑ ብቻ አይበቃም። እኔም በግራ እጄ ነው የምይዘው፤ ለእኔ የሚመቸኝ ከዶኩ በላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው ቦታ ነው። አውራ ጣቴ ሳይታጠፍም ሳይዘረጋም ያርፍበታል።

ስልክ ጠጋኙ
እኔ ዶኩን አልተውም፤ ከግራ ሁለተኛው ላይ አድርጊው። ገጽ ቢቀየርም ዶኩ ከቦታው አይነሳም።

ሰብለ
የቀራት አንድ ገጽ ከሆነ የምትቀይረው ገጽ የለም እኮ። ማስታወሻውን እኔ ባልኩት ቦታ፣ ካሜራውን ዶኩ ላይ አድርገሽ ሞክሪውና ማታ ስታጠቢ የትኛው እንደቀለለሽ ንገሪን።