ድምፅ የሌለው ስልክ፦ ኪስ ውስጥ ተነክቶ ነው ወይስ ሆን ተብሎ?

ጥያቄ (ታላቅ እህት)
ታናሽ እህቴ ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ። የመጀመሪያው አራት ደቂቃ ያህል ኮሽኮሽታ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ እኔው ዘጋሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ የተደወለው ግን ፀጥ ያለ ነው። ሄሎ፣ ሄሎ ብል መልስ የለም። በ19 ሰከንድ ከእሷ በኩል ተዘጋ። ጠዋት ስጠይቃት «ተነክቶ ነው» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ልክ አልመሰለኝም። ከባሏ ጋር ሰላም እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እንዴት ልለይ? ሌላ ጊዜ ብትደውልስ ምን ላድርግ?

ስልክ ጠጋኝ
እህቴ፣ ሁለተኛው በእጅ የተዘጋ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ከስልኩ አናት ላይ ጆሮ ሲጠጋው የሚያውቅ ሴንሰር አለ። ጥሪ ላይ ያለ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲሆን ጨርቁ ይሸፍነዋል። ያኔ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቢነካም አይሠራም። ስለዚህ ኪስ ውስጥ የገባ ጥሪ ራሱን አይዘጋም። ወይ አንቺ ትዘጊዋለሽ፣ ወይ ባትሪው እስኪያልቅ ይቆያል። የመጀመሪያው አራት ደቂቃ የቆየውም ለዚህ ነው።

ሌላ አንባቢ
የማይታወቅ ቁጥር ከሆነ አትጨነቂ። ብዙ ቁጥር ባንዴ የሚደውሉ ማሽኖች አሉ። ቀድሞ ላነሳው ሰው ሠራተኛ ይገናኛል፣ ለቀረው ዝም ብሎ ይዘጋል። ብሎክ አድርጊው።

ታላቅ እህት
ወንድሜ፣ የእህቴ ቁጥር ነው። ብሎክ አላደርጋትም።

የማታ ተረኛ
በአስቸኳይ ጥሪ መስመር ላይ ለዓመታት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዝም ያለ ጥሪ በየሌሊቱ ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ስልክ ጠጋኝ ያለውን ላስተካክል። ስለ ስክሪኑ ልክ ነው። የጎን ቁልፉን ግን ረሳው። አይፎን ላይ በጥሪ መሀል የጎን ቁልፉ ሲጫን ብዙ ጊዜ ጥሪው ይዘጋል። አንድሮይድም ላይ Power button ends call የሚል ምርጫ አለ፤ ከተከፈተ እንደዚያው ነው። ጠባብ ኪስ ወይም የተጨናነቀ ቦርሳ ቁልፉን ሊጫን ይችላል። ኔትወርክም ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ማን ዘጋው የሚለው ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

እኔ የማምነው ጆሮዬን ነው። ጨርቅ ውስጥ ያለ ስልክ የሰው ድምፅ ሲያመጣ፣ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ሰው ይታፈናል። «ስ» እና «ሽ» ይጠፋሉ፣ ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሰውየው እየሄደ ከሆነ ኮሽታው እርምጃውን ይከተላል፤ ሲቆም ይቆማል። የመጀመሪያው ጥሪሽ እንዲህ ከነበረ ተነክቶ ነው።

በእጅ የተያዘ ስልክ ሌላ ነው። ትንፋሽ ይሰማል። በር ሲዘጋ ጥርት ብሎ ይመጣል። ሆኖም አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የዛሬ ስልኮች የማይለዋወጥን ድምፅ፣ ለምሳሌ የማራገቢያን፣ ራሳቸው ያጠፉታል። ቀስ ያለ ትንፋሽም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ድንገተኛው ድምፅ ግን ያልፋል፦ ሳል፣ የዕቃ መጋጨት፣ የሰው መጮህ። ምንም፣ ፍፁም ምንም ካልተሰማ ማይኩ ተዘግቶ ወይም መስመሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በ19 ሰከንድ ፀጥታ ብቻ እኔም አልፈርድም።

ታላቅ እህት
የመጀመሪያው በትክክል እንዳልከው ነው፤ ኮሽታው እየቆመ ይቀጥል ነበር። በሁለተኛው ግን የሰማሁት ነገር የለም። ያለማቋረጥ ሄሎ እያልኩ ስለነበር ቢኖርም አልሰማው ይሆናል።

የማታ ተረኛ
ሁሉም የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ አንዴ ሄሎ በይና ዝም በይ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰከንድ አድምጪ። ከዚያ ተራ ነገር አውሪ፣ ሌላ ሰው ስፒከር ላይ ቢሰማ የማይጠረጥረውን። «መስመሩ አስቸግሯል፣ ከሰማሽኝ ስልኩን ሁለቴ በጥፍርሽ መታ መታ አድርጊ» በያት። ሁለት ከመጣ አትቸኩዪ፣ ኪስም በአጋጣሚ ሁለቴ ሊያንኳኳ ይችላል። «አሁን ሦስቴ» በያት። የጠየቅሽውን ቁጥር በተከታታይ የሚመልስ ኪስ የለም።

ባትመልስስ? ደህና ናት ማለት አይደለም። አጠገቧ ሰው ካለ ማንኳኳቱም ያስፈራታል። ስለዚህ ምልክቱን አስቀድማችሁ በአካል ብትስማሙ ይሻላል።

ጩኸት፣ ምት ወይም ልመና ከሰማሽ ግን መለየቱን ተዪው። መስመሩን ሳትዘጊ በሌላ ስልክ ፖሊስ ጋ ደውይ፣ አድራሻዋን ስጪ።

የአባቷ ልጅ
የኔ ታሪክ ትንሽ ይለያል። አባቴ ስልኩን ሳይቆልፍ ኪሱ ይከተዋል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ «ጨጨቸቸጀ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ ቃላት ይመጣሉ፣ ግን ትርጉም አይሰጡም፤ ኪቦርዱ ከላይ የሚያቀርባቸው ናቸው። መጀመሪያ ላይ «አባ ምን ሆነ» ብዬ እየሮጥኩ ሄጃለሁ። አሁን የማየው አንድ ነገር ነው። ኪስ ይጽፋል፣ ይልካል፤ የላከውን ግን መልሶ አያጠፋም። ለማጥፋት መልእክቱን ተጭኖ መቆየት፣ መምረጥ፣ ማረጋገጥ ይጠይቃል። ያ ሁሉ በቅደም ተከተል ኪስ ውስጥ ሲሆን አላየሁም።

ታላቅ እህት
ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሁለተኛው ጥሪ ከተዘጋ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የጠፋ መልእክት አለ። ምን እንደነበረ አይታይም።

የማታ ተረኛ
ይህ ከጥሪው ይበልጥ ይናገራል። መልእክቱ ሲጠፋ ስልኩ በሰው እጅ ሳይሆን አልቀረም። የማን እጅ እንደሆነ ግን አይነግርሽም። እሷ የማይረባ ፊደል ተልኮ አይታ ደንግጣ አጥፍታው ይሆናል፣ ያ የተለመደ ነው። ሌላ ሰው ስልኳን ይዞት ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ይህን ነገር በጽሑፍ አትጠይቂያት። በምሽት መልሰሽም አትደውዪላት፤ ተደብቃ ከሆነ የስልኩ ጩኸት ያጋልጣታል። ብቻዋን ስትሆን በአካል «ያን ማታ ስልክሽ የት ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። «ምን ሆንሽ?» ከማለት ይልቅ ይህኛው ለመመለስ ይቀላታል።

ስልክ ጠጋኝ
የጎን ቁልፉን ረስቼዋለሁ፣ ልክ ነህ ወንድሜ። ስልኳ ምንድን ነው?

ታላቅ እህት
አይፎን።

ስልክ ጠጋኝ
እንግዲያው «በእጅ የተዘጋ ነው» ያልኩትን ትቼዋለሁ። ስትገናኙ Settings ውስጥ Accessibility፣ ከዚያ Touch ግቢና Prevent Lock to End Call የሚለውን ተመልከቺ። በርቶ ከነበረ የጎን ቁልፉ ጥሪውን አይዘጋም፣ ያኔ የእጅ ነገር ይጠነክራል። ጠፍቶ ከሆነ ግን ሁለቱም ይሆናሉ።

ታላቅ እህት
ቅዳሜ ባሏ ሥራ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ሄጄ አያታለሁ። የማንኳኳቱንም ነገር እዚያው እንስማማለን። እስከዚያ ስልኬን ድምፁን ከፍቼ አጠገቤ አድርጌ እተኛለሁ።

የአባቷ ልጅ
ቅዳሜ ማታ ጻፊልን፣ እህቴ። እጠብቃለሁ።